ተሸካሚው ሸክም ሲሆንበት
በለስላሳ ሸክላ ላይ በተደለደለ ሙሌት ውስጥ አልፈው ስለሚተከሉ ፓይሎች የታሪክ ማስታወሻ

ፓይል የሚተከለው ከላይ የሚመጣውን ክብደት በደካማው አፈር መካከል አሳልፎ ከታች ላለው ጠንካራ አፈር ወይም ዐለት እንዲያስረክብ ነው። በዚህ ሥራ የፓይሉ ጎንና በዙሪያው ያለው አፈር የሚፈጥሩት ሰበቃ ረዳቱ ነው፤ ፓይሉ ወደ ታች ልሂድ ሲል አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል። ነገር ግን አፈሩ ራሱ ከፓይሉ ይልቅ ወደ ታች የሚወርድ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ይይዘው የነበረው አፈር በፓይሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይጎትተዋል፤ ተሸካሚው ለአፈሩም ጭምር ተሸካሚ ይሆናል። ይህ በሙያችን «አሉታዊ የጎን ሰበቃ» የሚባለው ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚታየውም በለስላሳ ሸክላ ላይ ሙሌት ተደልድሎ ፓይሎች በሁለቱ መካከል አልፈው በሚተከሉበት ቦታ ነው። የሙሌቱ ክብደት ከሸክላው ውስጥ ውኃውን ቀስ በቀስ እየጨመቀ ያስወጣል፤ ሸክላው ለዓመታት ይሰምጣል፤ በሰመጠም ቁጥር ፓይሉን ይጎትታል።

ጎንደር ከተማን ለሚያውቅ ባልደረባ ይህ ጉዳይ ሩቅ መስሎ ይታየው ይሆናል። ከተማዋ በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ግንቦቿ የቆሙት ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ጠንካራ ዐለት አገር ላይ ነው። በደጋው የሚያሠጋን አፈርም ቢሆን ዋልካው ነው፤ እርሱም በክረምት አብጦ ወለልና አጥር ያነሣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሰሜን ጎንደር መሐንዲስ በልምድ የሚፈራው መሠረቱን ወደ ላይ የሚገፋውን አፈር ነው። ይሁን እንጂ ከከተማው ወደ ጎርጎራ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ስንወርድ ደንቢያ ሜዳ ላይ እንደርሳለን። ይህ ሜዳ መገጭና ድርማ ወንዞች ከደጋው ያወረዱትን ደለል እያነጠፉ ወደ ጣና ሐይቅ የሚገቡበት ዝቅተኛ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት በጣና ዙሪያ የደረሰው ጎርፍ ደንቢያንና ፎገራን እንዳጥለቀለቀ ይታወሳል። እንዲህ ባለ አገር መንገድና የድልድይ መዳረሻ ከውኃ በላይ እንዲሆኑ በሙሌት ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ለስላሳ ሸክላ ከሥር፣ ሙሌት ከላይ የሚገናኙትም ያን ጊዜ ነው።

የጣና ሐይቅ የራሱ ታሪክ ደግሞ ለዚህ ነገር ምክንያት ይጨምርለታል። ከሐይቁ ወለል በተወሰዱ የአፈር ናሙናዎችና በድምፅ ሞገድ በተደረገ ምርመራ ሄንሪ ላምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እንደገለጹት፣ ሐይቁ ከ15,000 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ደርቆ ነበር። ያን ጊዜ ፀሐይ የመታው ወለል ደርቆ ጠጠረ፤ በኋላ ውኃው ሲመለስ በላዩ አዲስ ለስላሳ ጭቃ ተነጠፈበት። እንግዲህ ጠንካራ ንጣፍ ከሥር፣ ለስላሳ ጭቃ ከላይ ማለት ነው። በሐይቁ ዳር ባለው መሬትም ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ሲገኝ፣ ለፓይል ጫፍ መልካም ማረፊያ፣ ለፓይል ጎን ግን መጥፎ ጎረቤት ይሆናል።

የአሉታዊ ሰበቃ ዕውቀት የተጀመረው በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በሰመጡ ከተሞች ነው። የሆላንድ ሰዎች ረግረጋማ መሬታቸውን በአሸዋ እየሞሉ በእንጨት ፓይል ላይ ቤት ሲሠሩ ኖረዋልና፣ በፓይል ላይ «ስለሚጣበቅ» አፈር ቀደም ብለው ያውቁ ነበር። በሜክሲኮ ከተማ ደግሞ ከመሬት ሥር የሚቀዳው ውኃ ሸክላውን ሲያሰምጠው በፓይል ላይ የቆሙ ሕንፃዎች ከመንገዱ በላይ ከፍ ብለው ታዩ። እ.ኤ.አ. በ1910 የተመረቀው የነጻነት ሐውልት ዙሪያው እየሰመጠ በመሄዱ ወደ እርሱ ለመውጣት 14 ደረጃዎች መጨመር አስፈልጓል። ሐውልቱ ከፍ አላለም፤ አገሩ ነው ዝቅ ያለው። ካርል ቴርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1925 ሸክላ ውኃውን እያስወጣ የሚጠቀጠቅበትን ሕግ ከገለጸ በኋላ አፈሩ ለምን ለዓመታት እንደሚሰምጥ ታወቀ። በፓይሉ ላይ የሚያሳድረው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ግን ገና አልተለካም ነበር።

ይህን በግልጽ ካሳዩት ቀዳሚ ልኬቶች አንዱ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ወደብ የተደረገው ነው። በዚያን ጊዜ የኖርዌይ የጂኦቴክኒክ ተቋም ዳይሬክተር የነበረው ላውሪትስ ቢየሩምና የሥራ ጓደኛው ዮሐንስን ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለውን የብረት ቱቦ ፓይል ከ50 ሜትር በሚበልጥ የባሕር ሸክላ ውስጥ አሳልፈው እስከ ዐለቱ ተከሉት። በዙሪያውም 10 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሙሌት ነበረ። በፓይሉ ራስ ላይ ምንም ሕንፃ አልተጫነም። በቱቦው ውስጥ በተለያየ ጥልቀት የታሰሩ የብረት ዘንጎች ነበሩ፤ በእነርሱም ፓይሉ በየደረጃው ምን ያህል እንዳጠረ እየተለካ፣ ከማጠሩ ኃይሉ ይሰላ ነበር። በዙሪያው ያለው መሬት ከአንድ ሜትር የበለጠ ሰመጠ። እ.ኤ.አ. በ1965 በሞንትሪያል ጉባኤ የቀረበውና በ1969 የተስፋፋው ውጤት ባለሙያዎችን አስደነገጠ፤ ምንም ባልተጫነበት ፓይል ላይ የተጠራቀመው የመጎተት ኃይል ወደ 4,000 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 400 ቶን የሚደርስ ነበር።

ከዚህ ልኬት ሁለት ትምህርቶች ተገኙ። የመጀመሪያው የሰበቃው መጠን ከአፈሩ ውጤታማ ቋሚ ጫና ጋር ተመጣጣኝ መሆኑ ነው። ውጤታማ ጫና ስንል የአፈሩ ክብደት የውኃው ግፊት ተቀንሶለት በቅንጣቶቹ ላይ የሚያርፈውን ማለታችን ነው። በኖርዌይ ሸክላ ሰበቃው የዚህን ጫና አንድ አምስተኛ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ይህንኑ ምጣኔ መሐንዲሶች ዛሬ «ቤታ» ይሉታል። ስለዚህም ሙሌቱ በከበደ ቁጥር መጎተቱም ይበረታል። ሁለተኛው፣ ከጎኑ በተተከለ ሌላ ፓይል ላይ ስስ የሬንጅ ሽፋን ሲቀባ አብዛኛው ኃይል መቅረቱ ነው። ሬንጅ በፍጥነት ሲመቱት እንደ ጠጣር ይጸናል፤ ቀስ ብለው ሲገፉት ግን እንደ ማር ይፈሳል። አፈሩ የሚሰምጠው በዓመት ሴንቲ ሜትሮች በመሆኑ በሬንጁ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል።

የኦስሎ ቁጥር ከታወቀ በኋላ በብዙ የዲዛይን ቢሮዎች አንድ ልማድ ሰፈነ። መሐንዲሱ የፓይሉን ተቃውሞ ከለስላሳው ሸክላ በታች ካለው ክፍል ብቻ ያሰላል፤ በደኅንነት አካፋይ ያካፍላል፤ ከዚያም የመጎተቱን ኃይል እንደ ሕንፃ ክብደት ቆጥሮ ይቀንሳል። ይህ ጥንቃቄ የሚመስለው ሥሌት ፓይልን በወረቀት ላይ ከንቱ የሚያደርግ ሆነ። በሌላ በኩል የፓይሉን ተቃውሞ ብቻ አይቶ መሬቱ ምን ያህል እንደሚሰምጥ አይጠይቅምና፣ እውነተኛውን አደጋ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ለውጡን ያመጣው ሌላ ልኬት ነው። በስዊድን በጎተንበርግ አጠገብ ቤንግት ፈሌኒዩስና ቤንግት ብሮምስ ሁለት የኮንክሪት ፓይሎችን 40 ሜትር በሚሆን ለስላሳ ሸክላ ውስጥ አሳልፈው በውስጣቸው ባኖሩት የኃይል መለኪያ ለዓመታት ተከታተሉ። መጀመሪያ ያዩት አስገራሚ ነገር፣ ሙሌት ሳይደረግ በፊት፣ ሸክላው በፓይሉ መመታት ከተረበሸ በኋላ መልሶ ሲረጋ ብቻ ፓይሉን መጎተት መጀመሩ ነው። ለዚህም የሚሊ ሜትር መንሸራተት ይበቃል። ቀጥሎ በፓይሎቹ ራስ ላይ ክብደት ሲጫን የመጎተቱ ኃይል በላይኛው ክፍል ቀነሰ እንጂ ከጭነቱ ጋር አልተደመረም። ምክንያቱም ፓይሉ በአዲሱ ጭነት ጥቂት ወደ ታች ሲሄድ ከአፈሩ ጋር የነበረው ንጽጽር ይገለበጣል፤ ይጎትተው የነበረው ሰበቃ ይለቅቃል። ፈሌኒዩስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት፣ በኋላም በ1980ዎቹ ባስፋፋው ዘዴ የጠቀለለው ሐሳብ ይህ ነው። በእያንዳንዱ ፓይል ላይ ፓይሉና አፈሩ እኩል የሚወርዱበት አንድ ጥልቀት አለ። ከእርሱ በላይ አፈሩ ፓይሉን ይጎትታል፤ ከእርሱ በታች አፈሩ ፓይሉን ይደግፋል። ይህን ጥልቀት «ገለልተኛ ደረጃ» እንበለው። በፓይሉ ውስጥ ትልቁ ኃይል የሚገኘው እዚያ ነው፤ ፓይሉ የሚሰምጠውም እዚያ ያለው አፈር የሰመጠውን ያህል ነው።

ሐሳቡ በቁጥር እንዲታይ በሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ የሚሠራ አንድ የድልድይ መዳረሻ እናስብ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተመረጡ እንጂ በአንድ ቦታ የተለኩ አይደሉም። ለስላሳው ሸክላ 12 ሜትር ውፍረት አለው፤ ውኃ እስከ ላይ ሞልቶታል፤ ከሥሩ የጠጠረ ንጣፍ አለ። በላዩ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ የገረጋንቲ ሙሌት ይደለደላል፤ ይህም በሸክላው ላይ 60 ኪሎ ፓስካል ይጨምራል። ለእንዲህ ያለ ሸክላ በሚገመት የመጠቅጠቅ ባሕርይ ስናሰላው መሬቱ 1 ሜትር ያህል ይሰምጣል፤ ውኃው ከላይም ከታችም መውጫ ቢያገኝ እንኳ አብዛኛው ስምጠት እስኪያልቅ 15 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ፓይሉ ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን የኮንክሪት ፓይል ይሁን፤ በጠጠረው ንጣፍ ውስጥም 4 ሜትር ይግባ። የሸክላው አማካይ ውጤታማ ጫና 96 ኪሎ ፓስካል ስለሚሆን፣ ቤታ 0.25 ብንል ሰበቃው 24 ኪሎ ፓስካል ነው። ይህን በ12 ሜትር ርዝመትና በ1.6 ሜትር ዙሪያ ስናባዛው 460 ኪሎ ኒውተን ይወጣል፤ ከሙሌቱ የሚመጣው 50 ሲጨመርበት የመጎተቱ ኃይል በጠቅላላው 510 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። በጠጠረው ንጣፍ ውስጥ ያለው ጎንና የፓይሉ ጫፍ በአንድነት 1,340 ኪሎ ኒውተን ይቋቋማሉ እንበል። ከሕንፃው የሚመጣው ቋሚ ክብደት 600፣ ተንቀሳቃሹ 100 ኪሎ ኒውተን ነው።

በአሮጌው ልማድ 1,340ን ለ2.5 አካፍለን 510 ስንቀንስ ከ30 ኪሎ ኒውተን ያነሰ ይተርፋል። ፓይሉ የራሱን ካፕ እንኳ የሚሸከም አይመስልም፤ መሐንዲሱም የፓይሉን ቁጥር ያበዛል ወይም ቦታውን ይተዋል። በአዲሱ መንገድ ግን ጥያቄው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ፓይሉ በጭነት ብዛት ተሸንፎ ሊሰጥም ቢል ከአፈሩ ሁሉ ይበልጥ መውረድ አለበት፤ ያን ጊዜ ጎኑ ሁሉ ይደግፈዋል። ስለዚህ ተቃውሞው 1,340 ሲደመር 510፣ ማለት 1,850 ነው፤ ለ2.5 ሲካፈል 740 ይሆናል፤ የተጫነበት 700 ነውና ይበቃል። ሁለተኛ፣ በገለልተኛው ደረጃ ያለው ኃይል ቋሚው ክብደትና መጎተቱ ተደምረው 1,110 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ኮንክሪቱ ላይ 7 ሜጋ ፓስካል ያህል ነውና ደኅና ኮንክሪት ይችለዋል። ሦስተኛ፣ ገለልተኛው ደረጃ የት ነው? ከታች ያለው ተቃውሞ 1,110ን ስለሚችል ደረጃው በጠጠረው ንጣፍ ራስ ላይ ይገኛል። እዚያ አፈሩ የሚሰምጠው ጥቂት ነው፤ ድልድዩም ጥቂት ብቻ ይሰምጣል።

አሁን ደግሞ ወጪ ለመቆጠብ ፓይሉ ከጠጠረው ንጣፍ ሳይደርስ በሸክላው ውስጥ በ11 ሜትር ይቁም፤ የሚሸከመውም 200 ኪሎ ኒውተን ቋሚ ክብደት ብቻ ይሁን። የጎኑ ሰበቃ ሁሉ ተደምሮ 460 ይሆናል፤ አካፋዩም ከ2 በላይ ነው፤ ለብዙ ተመልካች ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ከላይ የሚጎትተውንና ከታች የሚደግፈውን ስናስተካክል ገለልተኛው ደረጃ ከሸክላው ራስ 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከእርሱ በታች የሚጠቀጠቅ 9 ሜትር ሸክላ አለ፤ ስለዚህ ፓይሉ ከአፈሩ ጋር ከግማሽ ሜትር በላይ ይሰምጣል። አይሰበርም፤ አይሸነፍም፤ ነገር ግን በላዩ ያለው አባትመንት ከድልድዩ ሌሎች እግሮች ተለይቶ ይወርዳል። የአሉታዊ ሰበቃ እውነተኛ ጉዳት ይህ ነው። በአብዛኛው የስምጠት ጥያቄ እንጂ የመሸከም ጥያቄ አይደለም፤ የመሸከም ጥያቄ የሚሆነው ፓይሉ በዐለት ላይ ሲያርፍና ርዝመቱ ሲበዛ፣ እንደ ኦስሎው፣ በፓይሉ አካል ጥንካሬ በኩል ነው።

በአገራችን ደንብም ይህ ለውጥ ተከትቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመሠረት ደንባችን የተመሠረተበት የአውሮፓ ደንብ ሁለት መንገድ ይፈቅዳል። አንዱ የአፈሩንና የፓይሉን እንቅስቃሴ በማነጻጸር ማስላት ነው፤ ሌላው የመጎተቱን ኃይል ሊደርስ በሚችለው ከፍተኛ መጠን እንደ ጭነት መውሰድ ነው። የመጎተቱ ኃይልና ጊዜያዊ ጭነት በአንድነት እንዲደመሩም በተለምዶ አያስገድድም። ሁለተኛውን መንገድ ብቻ የሚከተል ሰው የመጎተቱን ቁጥር ያገኛል፤ ገለልተኛው ደረጃ የት እንደሆነ ግን ሳያውቅ ይቀራል።

የምርመራው ሥራ በእኛ ሜዳዎች አንድ ወጥመድ አለው። በግንቦት የተቆፈረ ጉድጓድ ላይኛው ዋልካ ደርቆና ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ቅርፊት ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሸክላ ግን ዓመቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቶ ይኖራል። ምልክቱም የተፈጥሮ ውኃው መጠን አፈሩ ወደ ፈሳሽነት ከሚለወጥበት ወሰን ጋር መቀራረቡ ነው። ስለዚህ ናሙናው ከቅርፊቱ በታች በየሜትሩ መወሰድ አለበት፤ ቁፋሮውም በጠጠረው ንጣፍ ውስጥ ብዙ ሜትር ገብቶ ከሥሩ ሌላ ለስላሳ አፈር አለመኖሩን ማረጋገጥ አለበት። የክረምቱን ማበጥና የሙሌቱን ስምጠት መለየትም ያሻል፤ አንዱ በየዓመቱ የሚመላለስ ሲሆን ሌላው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ችግሩ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ሙሌቱ ከፓይል ካፑ ሥር ሸሽቶ ክፍተት ይታያል፤ መኪና ወደ ድልድዩ ሲወጣ የሚነጥርበት ደረጃ ይፈጠራል፤ በሕንፃ ደግሞ በፓይል ላይ ያለው ክፍልና በመሬት ላይ ያረፈው በረንዳ በሚገናኙበት ስንጥቅ ይወጣል፤ የውኃና የፍሳሽ ቧንቧዎችም በዚያው መስመር ይቆረጣሉ። እነዚህ መሬቱ መስመጡን ይናገራሉ እንጂ ፓይሉ መስመጡን አይናገሩም። ፓይሉን ለማወቅ አባትመንቱን በየጊዜው በሌቭል መለካት ያስፈልጋል፤ የልኬቱ መነሻ ምልክትም ከሙሌቱ ርቆ በዐለት ላይ የተተከለ መሆን አለበት። በሙሌቱ ዳር የተተከለ መነሻ አብሮ ይሰምጣልና ሁሉም ነገር ደኅና ነው ይላል።

መፍትሔዎቹ የታወቁ ናቸው፤ ምርጫቸው ግን በገለልተኛው ደረጃ ይወሰናል። ጊዜ ካለ ሙሌቱ አስቀድሞ ተደልድሎ፣ ተጨማሪ ክብደትም ተጭኖበት፣ በሸክላው ውስጥ ቋሚ የውኃ ማስወጫዎች ቢተከሉ የ15 ዓመቱ ስምጠት ወደ ወራት ወይም ወደ ዓመት ገደማ ያጥራል፤ ፓይሎቹም የሚተከሉት የስምጠት መለኪያው ሳህን መርጋቱን ካሳየ በኋላ ነው። ይህ ከሁሉ የሚሻለው ነው፤ የሚጎትተውን ኃይል ፈጽሞ ባያጠፋም ስምጠቱን አስቀድሞ ይጨርሰዋል። ኮንክሪቱ ወይም ብረቱ የማይችለው ኃይል ሲመጣ ሬንጅ ይቀባል፤ ነገር ግን በገረጋንቲ ሙሌት ውስጥ ሲመታ ድንጋዩ ይፍቀዋልና ሙሌቱ ቀድሞ ተቆፍሮ በቱቦ መታለፍ አለበት። ከገለልተኛው ደረጃ በታችም መቀባት የለበትም፤ እዚያ የሚቀባው ደጋፊውን ሰበቃ ነው። የተጋደሙ ፓይሎችም በሚሰምጥ አፈር ውስጥ ከላይ ተጭነው ይጎብጣሉና፣ አግድም ኃይሉ በሌላ መንገድ ቢያዝ ይመረጣል።

እንግዲህ የዚህ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ታሪክ ፍሬ በአጭሩ ይህ ነው። ኦስሎ የኃይሉን መጠን አሳየ፤ ጎተንበርግ ኃይሉ ከጊዜያዊ ጭነት ጋር እንደማይደመር አሳየ፤ ከሁለቱም የመጣው ዘዴ ጥያቄውን ከ«ስንት ቶን ይጎትታል?» ወደ «አፈሩና ፓይሉ የት ላይ እኩል ይወርዳሉ?» መለሰው። በሜዳችን የሚቀርብልን የመሠረት ሪፖርት ይህን ጥልቀትና በዚያ ያለውን ስምጠት ካልጠቀሰ፣ ሌላው ቁጥር ሁሉ ቢሟላ እንኳ ሪፖርቱ ገና አላለቀም ብለን መመለስ ይገባናል።